ለጋሹ ገንዘቡን ሲቀንስ፦ ከተሻሻለው በጀት ጋር በሚሄደው ሸኚ ደብዳቤ ላይ ምን ይጻፍ?

ጥያቄ፦ «ለአንድ ለጋሽ ድርጅት 220,000 ዶላር ጠይቀን 165,000 ተፈቀደልን። አሁን የተሻሻለ በጀት ከሸኚ ደብዳቤ ጋር በሁለት ሳምንት ውስጥ ላኩ ተብለናል። ፕሮጀክቱ ጎልማሶችን ማንበብና መጻፍ ማስተማር ነው፤ 10 የመማሪያ ጣቢያ፣ 600 ተማሪ፣ 24 ወር። ሥራ አስኪያጃችን ‹ኢላማውን እንዳትነኪ፤ ቁጥር ከቀነስን ሌላ ጊዜ አይሰጡንም› ይላሉ። ሁሉንም የበጀት መስመር 25 በመቶ ቀንሼ፣ ደብዳቤው ላይ አመስግኜ ብልክ ይበቃል?»

ምላሽ፦

አይበቃም። ምስጋናው ጥሩ ነው፣ ይግባ። ችግሩ ሌላው ነው። ሁሉንም መስመር እኩል ቆርጠው፣ 600ውን ተማሪ ግን እንዳለ ትተው ከላኩ፣ ለጋሹ የሚረዳው አንድ ነገር ነው። ያ 55,000 ዶላር ባይኖርም ሥራው ያው ነው ማለት ነው። እንግዲያው መጀመሪያ ያቀረባችሁት በጀት የተጋነነ ነበር ማለት ነው። ሥራ አስኪያጅዎ የፈሩት አመኔታ ማጣት የሚመጣው በዚህ በኩል ነው።

አንዳንድ ለጋሾች ይህን በደንባቸው ጽፈውታል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ለምሳሌ፣ የሚሰጠው ገንዘብ ከተጠየቀው በ10 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ሲያንስ፣ ቅነሳው በሥራው ስፋት ላይ ምን ለውጥ እንዳመጣ የሚገልጽ ጽሑፍ ከተሻሻለው በጀት ጋር እንዲቀርብ ይጠይቃል። የእናንተ ቅነሳ 25 በመቶ ነው። የእናንተ ለጋሽ እንዲህ ያለ ደንብ ባይኖረውም፣ ደብዳቤውን የሚከፍተው ሰው ጥያቄ ያው ነው። ገንዘቡ ቀነሰ፤ ሥራውስ?

ሸኚ ደብዳቤው ይህን ጥያቄ የሚመልስ መሆን አለበት። በጀቱ ራሱ ቁጥር ብቻ ነው፤ የትኛው ቁጥር ለምን እንደተነካ አይናገርም። ይህን የሚናገረው ደብዳቤው ነው። በኋላም ስለ ኢላማው ክርክር ቢነሳ ከፋይል ወጥቶ የሚነበበው እሱ ነው።

መጻፍ ከመጀመርዎ በፊት ግን በለጋሹ በኩል ፕሮጀክታችሁን የሚከታተለውን ፕሮግራም ኦፊሰር በስልክ ያግኙ። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ገንዘቡ ለምን እንደቀነሰ ነው። ለጋሹ በጠቅላላ ገንዘብ አጥሮት ከሆነ፣ የት እንደሚቆረጥ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። ገምጋሚዎቹ አንድ የተወሰነ ወጪ አልጥም ብሏቸው ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። የግምገማ ጥናቱ በዝቷል ብለው 55,000 ቀንሰው ሳለ፣ እናንተ ጥናቱን ሳትነኩ ጣቢያ ብትዘጉ ደብዳቤው ያለጥርጥር ይመለሳል። ቀጥሎ 165,000ው የአስተዳደር ወጪን ማለትም ኦቨርሄድን ይጨምር እንደሆነ ይጠይቁ። በመጨረሻም ኢላማ ማስተካከል ይቻል እንደሆነና ከበጀቱ ሌላ የትኛው ሰነድ መታደስ እንዳለበት ያረጋግጡ። የተባባላችሁትን በዚያው ቀን በአጭር ኢሜይል ጽፈው ይላኩላቸው። በስልክ የተባለ ነገር ማስረጃ አይሆንም።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ዝርዝር በጀታችሁን ስላላየሁት፣ ከጠቅላላ ድምራችሁ ጋር የሚገጥም ምሳሌ ልሥራ። እርስዎ የራሳችሁን ቁጥር በቦታው ይተኩ።

220,000ው 200,000 ቀጥተኛ የፕሮጀክት ወጪና 10 በመቶ ኦቨርሄድ ማለትም 20,000 ነው እንበል። ከቀጥተኛው ወጪ ግማሹ ከጣቢያዎቹ ጋር የተያያዘ ነው። አንድ ጣቢያ 10,000 ዶላር ይፈጃል። ትምህርቱን የሚሰጡት ሁለት አመቻቾች እያንዳንዳቸው በወር 100 ዶላር ለ20 ወር ሲከፈላቸው 4,000 ይሆናል። የ60 ተማሪ መጽሐፍና ደብተር በነፍስ ወከፍ 40 ዶላር 2,400 ነው። ወንበር፣ ሰሌዳና መብራት 2,600። የሁለቱ አመቻቾች ሥልጠና 1,000። ጣቢያ ሲቀነስ እነዚህ ወጪዎች አብረው ይቀንሳሉ።

ሌላው 100,000 ጣቢያ ኖረም አልኖረም የሚወጣ ነው። አስተባባሪው በወር 1,500 ለ24 ወር 36,000 ይወስዳል። የግማሽ ቀን ሒሳብ ሠራተኛ በወር 600፣ በድምሩ 14,400። የመነሻና የማጠቃለያ ግምገማ 20,000። ኦዲት 6,000። የክትትል ጉዞ 15,600። ቢሮና መገናኛ 8,000።

እዚህ ላይ ያ 25 በመቶ በሁሉም መስመር ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚሆን ይመልከቱ። የአስተባባሪው ደመወዝ 1,125 ይሆናል፤ ጎበዝ ከሆነ ሌላ ሥራ ይፈልጋል። ኦዲተሩ 4,500 ይባላል፤ እሱ ግን የሚመረምረው ያንኑ አንድ የባንክ ሒሳብና ያንኑ የደረሰኝ ክምር ስለሆነ በዚህ ዋጋ አይመጣም። የመጽሐፍ በጀት በተማሪ 30 ዶላር ይሆናል፤ ስለዚህ ከአራት ተማሪ አንዱ መጽሐፍ አያገኝም፣ ወይም ሁሉም ጎደሎ ያገኛሉ። ወረቀቱ ላይ ሁሉም መስመር ተመጣጣኝ ይመስላል። ሥራው ሲጀመር ግን አንዱን መስመር ከሌላው እየተበደሩ፣ ለጋሹን በየጊዜው የበጀት ዝውውር ፈቃድ መጠየቅ ይመጣል። ለጋሽ በኩል የሚቀመጡ ሰዎች እኩል የተቆረጠ በጀት ሲያዩ ያልታሰበበት መሆኑን ወዲያው ያውቃሉ። ሁሉም መስመር ላይ አንድ ዓይነት መቶኛ ሲደጋገም ለማየት ካልኩሌተር እንኳ አያስፈልግም።

ትክክለኛው መንገድ የሚጀምረው ከላይ ነው። 165,000ን ለ1.10 ሲያካፍሉ 150,000 ይመጣል። አዲሱ ቀጥተኛ ወጪ ይሄ ነው፤ ኦቨርሄዱ ደግሞ 15,000። ስለዚህ ከቀጥተኛው ወጪ የሚቆረጠው 50,000 ነው፣ 55,000 አይደለም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ኦቨርሄዱን በ20,000 እንዳለ ትቶ 55,000ውን በሙሉ ከሥራው ላይ ይቆርጣል፤ ያኔ ኦቨርሄዱ ከ10 በመቶ ወደ 14 በመቶ ገደማ ያድግና ለጋሹ ይመልሰዋል። በተቃራኒው ደግሞ ለጋሹን ለማስደሰት ኦቨርሄዱን ወደ ዜሮ የሚያወርድ አለ። ይህንንም አያድርጉት። ኪራዩና መብራቱ ከሌላ ኪስ ይከፈላል ማለት ነው፣ ያ ኪስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የለም።

50,000ውን በጣቢያ ብቻ እንቁረጥ ካልን አምስት ጣቢያ ይዘጋል። ገንዘቡ በ25 በመቶ ቀንሶ ተማሪው በግማሽ ይቀንሳል፤ ይህን ማንም ለጋሽ በቀላሉ አይቀበልም። ከቋሚው ወጪ ብቻ ብንቆርጥ ደግሞ ግማሹን ማጣት ነው፤ አስተባባሪ የሌለው ፕሮጀክት ይቀራል። ስለዚህ ከሁለቱም መውሰድ ግድ ነው።

ሦስት ጣቢያ ብንቀንስ 30,000 ይገኛል። የቀረውን 20,000 ከቋሚው ወጪ እንፈልግ። የመነሻ ጥናቱን የውጭ አማካሪ ከማሠራት የራሳችሁ ሠራተኞች ቢሠሩትና የማጠቃለያው ግምገማ ብቻ በውጭ ገምጋሚ ቢቀር፣ 20,000ው ወደ 11,000 ይወርዳል፤ 9,000 ተረፈ። ጣቢያው ሲያንስ የክትትል ጉዞውም ስለሚያንስ ከ15,600 ወደ 10,600 ይወርዳል፤ 5,000። ትምህርቱ 20 ወር ነው፤ ከፊት ለዝግጅት ሁለት ወር፣ ከኋላ ለመዝጊያ ሁለት ወር ነበረው። ሰባት ጣቢያ ለማዘጋጀት አንድ ወር ይበቃል፤ የማጠቃለያው መረጃ በትምህርቱ የመጨረሻ ወር ከተሰበሰበ መዝጊያውም በአንድ ወር ያልቃል። ፕሮጀክቱ 22 ወር ሲሆን ሁለቱ ደመወዞች በወር 2,100 ስለሆኑ 4,200 ይተርፋል። ቢሮና መገናኛው ደግሞ ከ8,000 ወደ 6,200 ቢወርድ 1,800። ሲደመር 20,000።

አሁን ሰባት ጣቢያ፣ 420 ተማሪ፣ 22 ወር አለን። አመቻቾቹ ከ20 ወደ 14 ወርደዋል። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። ገንዘቡ የቀነሰው በ25 በመቶ ነው፤ ተማሪው ግን በ30 በመቶ ቀነሰ። በፊት አንድ ተማሪ 367 ዶላር ገደማ ያስወጣ ነበር፤ አሁን 393 ገደማ ሆነ። ፕሮግራም ኦፊሰሩ ይህን ማካፈል ይሠራል፣ አይጠራጠሩ። ስለዚህ እሱ ጠይቆ እናንተ ከምታብራሩ፣ ደብዳቤው ቀድሞ ይናገረው። ምክንያቱ ቀላልና እውነተኛ ነው። አስተባባሪው፣ ኦዲቱና የማጠቃለያ ግምገማው ለሰባት ጣቢያም ለአሥርም ያው ናቸው።

ደብዳቤው ከዚህ በኋላ ቀላል ይሆናል። ከአንድ ገጽ አይብለጥ። እኔ እንዲህ እጽፈው ነበር፦

ቁጥር፦ …
ቀን፦ …

ለ፦ (የለጋሹ ድርጅትና የፕሮግራም ኦፊሰሩ ስም)

ጉዳዩ፦ በማመልከቻ ቁጥር … ለተፈቀደው ድጋፍ የተሻሻለ በጀትና ኢላማ ስለማቅረብ

በቀን … በተጻፈ ደብዳቤ ለጎልማሶች ትምህርት ፕሮጀክታችን 165,000 ዶላር እንደፈቀዳችሁ ስላሳወቃችሁን እናመሰግናለን፤ ድጋፉን በደስታ እንቀበላለን። የተፈቀደው ገንዘብ ከጠየቅነው 220,000 ዶላር በ55,000 ዶላር (25 በመቶ) ስለሚያንስ፣ በዚሁ መጠን የተስተካከለ በጀት፣ የበጀት ማብራሪያ፣ የሥራ ዕቅድና የኢላማ ሠንጠረዥ አያይዘን አቅርበናል።

በተሻሻለው ዕቅድ የመማሪያ ጣቢያዎች ከ10 ወደ 7፣ ተማሪዎች ከ600 ወደ 420 ይቀንሳሉ። የፕሮጀክቱ ጊዜ ከ24 ወደ 22 ወር ያጥራል። የመነሻ ጥናቱን በውጭ አማካሪ ፈንታ የራሳችን ሠራተኞች ያካሂዳሉ። ከዕቅዱ የወጡት ሦስት ጣቢያዎች በአቅራቢያቸው ሌላ የጎልማሶች ትምህርት ፕሮግራም ያለባቸው ናቸው።

የትምህርቱ ጥራት የሚመሠረትባቸውን ነገሮች አልነካንም። ትምህርቱ እንደታቀደው 20 ወር ይቆያል። በየጣቢያው ሁለት አመቻቾች ይኖራሉ። እያንዳንዱ ተማሪ የተሟላ መጽሐፍ ያገኛል። የማጠቃለያ ግምገማው በውጭ ገምጋሚ ይካሄዳል፣ ኦዲቱም እንዳለ ነው። ከተማሪዎቹ 80 በመቶው ትምህርቱን አጠናቀው የማጠቃለያ ፈተናውን ያልፋሉ የሚለው ኢላማ አልተለወጠም፤ በቁጥር ሲገለጽ ከ480 ወደ 336 ይሆናል።

የአስተባባሪው፣ የኦዲቱና የማጠቃለያ ግምገማው ወጪ በጣቢያ ብዛት ስለማይወሰን፣ የአንድ ተማሪ ወጪ ከ367 ወደ 393 ዶላር ገደማ ከፍ ብሏል። የአስተዳደር ወጪው በመጀመሪያው ማመልከቻ በተገለጸው 10 በመቶ ተሰልቶ ከ20,000 ወደ 15,000 ዶላር ወርዷል።

በአባሪው የተገለጹት የተሻሻሉ ኢላማዎችና በጀት የስምምነቱ አካል መሆናቸውን በጽሑፍ እንድታረጋግጡልን በአክብሮት እንጠይቃለን። ማረጋገጫው እንደደረሰን ሥራውን እንጀምራለን።

ከሰላምታ ጋር
(የመፈረም ሥልጣን ያለው ኃላፊ ስም፣ ፊርማና ማኅተም)

አባሪ፦ የተሻሻለ በጀት፣ የበጀት ማብራሪያ፣ የሥራ ዕቅድ፣ የኢላማ ሠንጠረዥ

አንዳንዱን ለምን እንዲህ እንደጻፍኩት ላብራራ። ጉዳዩ ላይ «የተሻሻለ በጀትና ኢላማ» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። «የተሻሻለ በጀት» ብቻ ከተባለ ደብዳቤው በቀጥታ ወደ ፋይናንስ ክፍል ሊሄድ ይችላል። እዚያ ድምሩ ይታይና ይጸድቃል፤ የ420ውን ጉዳይ ፕሮግራም በኩል ያለው ሰው ሳያየው ይቀራል። ከዓመት በኋላ ሪፖርት ስታቀርቡ እሱ እጁ ላይ ያለው የድሮው 600 ነው።

የጣቢያዎቹ አመራረጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው የወሰደው፣ ግን ትልቅ ሥራ ይሠራል። መስፈርት ሳይጠቀስ «ሦስት ጣቢያ ቀንሰናል» ቢባል፣ አንባቢው ለእናንተ የሚርቁትንና የሚከብዱትን የጣላችሁ ይመስለዋል። የእናንተ መስፈርት ከእኔ ምሳሌ ሊለይ ይችላል፤ እውነተኛውን ይጻፉ። እውነቱ «ሩቅ ስለሆኑ ለክትትል ውድ ናቸው» ከሆነም ይጻፉት። የሚያስወቅስ ምክንያት አይደለም።

ስለ 80 በመቶው ደግሞ፣ ይህ ልዩነት ብዙ ጊዜ ይረሳል። የብዛት ኢላማ ከገንዘቡ ጋር ይወርዳል። የጥራት ኢላማ፣ በመቶኛ የተቀመጠው፣ መውረድ የለበትም፤ ጥራቱን የሚያስገኘውን ወጪ ካልነካችሁ በስተቀር። ደብዳቤው ሁለቱን ለይቶ ሲያስቀምጥ ለጋሹ ያነሰ ሥራ እንደሚያገኝ፣ የተበላሸ ሥራ ግን እንደማያገኝ ይረዳል።

ከደብዳቤው ውጭ መቅረት ያለባቸውም አሉ። ቅነሳው እንዴት እንዳስደነገጣችሁ፣ ሌላ ለጋሽ ምን ያህል እንደሚሰጥ፣ ተማሪዎቹ እንዴት እንደሚያዝኑ አይጻፍ። ውሳኔው አልቋል። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር እንዳይገባ ይጠንቀቁ፦ «ሆኖም ባለን አቅም 600 ተማሪዎችን ለመድረስ ጥረት እናደርጋለን።» ጨዋ ይመስላል። ለጋሹ ግን እንደ ቃል ኪዳን ያነበዋል፣ ሪፖርት ላይም ይጠይቃችኋል። ሥራ አስኪያጅዎ ይህን አስገቢ ማለታቸው አይቀርም፤ እዚህ ላይ ይጽኑ።

ሥራ አስኪያጅዎን ለማሳመን የሪፖርቱን ሠንጠረዥ ያሳዩአቸው። የመጨረሻው ሪፖርት ሁለት ዓምድ አለው፤ የታቀደና የተከናወነ። 600 አቅደን 420 ብናደርስ 70 በመቶ ይላል። 420 አቅደን 430 ብናደርስ 102 በመቶ ይላል። ሥራው ያው ነው ለማለት ይቻላል፤ ወረቀቱ ላይ ግን አንዱ ወድቋል፣ ሌላው አልፏል። በዚያን ጊዜ ገንዘቡ ተቀንሶ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው ላይኖር ይችላል። ፕሮግራም ኦፊሰሮች ይቀያየራሉ፤ አዲሱ ሰው የሚያየው ፋይሉን ነው። ሌላ ጊዜ ገንዘብ የሚያስከለክለው ያ 70 በመቶ ነው።

የራስ መዋጮ ቃል ገብታችሁ ከሆነ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ለሱ ይጨምሩ። መጀመሪያ ማመልከቻው ላይ እንዴት እንደተጻፈ ይዩ። «ለጋሹ ከሚሰጠው 10 በመቶ» ከተባለ 22,000ው ራሱ ወደ 16,500 ይወርዳል፤ ይህንኑ መግለጽ ብቻ ነው። «22,000 ዶላር» ተብሎ በቁርጥ ከተጻፈ ግን በራሱ አይወርድም። እንዲቀነስ በደብዳቤው መጠየቅ አለባችሁ። ዝም ካላችሁ፣ ላነሰ ፕሮጀክት የድሮውን መዋጮ ትከፍላላችሁ።

አባሪው በጀት ሦስት ዓምድ ይኑረው፦ የተጠየቀው፣ የተሻሻለው፣ ልዩነቱ። አዲሱን ብቻ መላክ አንባቢውን የድሮውን ፋይል ፍለጋ መስደድ ነው። የልዩነቱ ዓምድ ሲደመር በትክክል 55,000 መምጣት አለበት፤ 50,000 ከቀጥተኛው፣ 5,000 ከኦቨርሄዱ። ከዚያ ሰነዶቹን አንድ ላይ ዘርግተው ያንብቡ። በብዛት የሚያጋጥመው ስህተት በጀቱ 14 አመቻቾች ሲል ማብራሪያው ላይ አሁንም 20 መባሉ ነው። ወይም የሥራ ዕቅዱ ላይ 23ኛና 24ኛ ወር ተረስተው ይቀራሉ። የድሮዎቹን ቁጥሮች፣ 600፣ 480፣ 24፣ 20፣ 10፣ በየሰነዱ ውስጥ በፍለጋ ያስሱ። መገኘት ያለባቸው ንጽጽር ባለበት ቦታ ብቻ ነው፤ እርግጥ 20 የትምህርቱ ወራት፣ 10 የኦቨርሄዱ መቶኛ፣ 600 ደግሞ የሒሳብ ሠራተኛው የወር ደመወዝ ቁጥርም ስለሆኑ እዚያ ላይ ይተዉአቸው። ከሌላ ድርጅት ጋር በአጋርነት የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ የእነሱ ድርሻ መቀነሱን ደብዳቤው ከመውጣቱ በፊት ይወቁት፣ ይስማሙበትም። ለጋሹ ደውሎ ቢጠይቃቸው እንግዳ እንዳይሆኑበት።

ገንዘቡ ሊመለስ የሚችልበት ተስፋ ካለ፣ ለምሳሌ ፕሮግራም ኦፊሰሩ በስልክ «በዓመቱ መጨረሻ የተረፈ ሊኖር ይችላል» ካለ፣ አንድ መስመር ማከል ይቻላል፦ «ተጨማሪ ገንዘብ ቢገኝ እያንዳንዱን የቀረ ጣቢያ በ12,800 ዶላር ገደማ መመለስ ይቻላል።» ለምን 10,000 አይደለም? ጣቢያው ሲመለስ የተቀነሰው የክትትል ጉዞ ሲሶም አብሮ ይመለሳል፣ እሱ ወደ 1,667 ነው። 10 በመቶ ኦቨርሄድ ሲታከልበት 12,833 ይመጣል። ተስፋው ከሌለ ግን ይህን መስመር ይተዉት። በየደብዳቤው መጨረሻ ገንዘብ የሚጠይቅ ድርጅት ያሰለቻል።

ደብዳቤው ከሄደ በኋላ መልሱ በጽሑፍ እስኪመጣ ድረስ በአዲሱ በጀት ዕቃ አይግዙ፣ ቅጥርም አይፈርሙ። አንድ ሳምንት ካለፈ አጭር ኢሜይል ይላኩ፤ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ይሁን፣ «ኢላማዎቹ ጸድቀዋል ወይ?»

«420 ያንሳል፤ ቢያንስ ስምንት ጣቢያ አድርጉት» የሚል መልስም ሊመጣ ይችላል። አይደንግጡ፣ ወዲያውም እሺ አይበሉ። ስምንተኛው ጣቢያ ከነጉዞው 11,667 ዶላር ቀጥተኛ ወጪ ይፈልጋል። በጀቱ ውስጥ የቀረው ትልቁ ሊነካ የሚችል ወጪ የማጠቃለያ ግምገማው ነው፣ 11,000። ይህንኑ ጽፈው ይመልሱላቸው። 480 ተማሪ ያለ ውጭ ግምገማ ከ667 ዶላር ተጨማሪ ቅናሽ ጋር፣ ወይስ 420 ተማሪ ከነግምገማው? ሁለቱንም በሠንጠረዥ አስቀምጠው፣ እናንተ የምትመርጡትን ከነምክንያቱ ጠቁመው፣ ውሳኔውን ለነሱ ይተዉት። ከመረጡ በኋላ ደብዳቤውንና አባሪዎቹን በመረጡት ልክ አድሰው፣ አዲስ ቀን ጽፈው እንደገና ይላኩ፤ የመጀመሪያው መሻሩንም እዚያው ላይ ይግለጹ።